ማስታወሻዬ ወይ ድርሰት ይሆናል ወይ ባዶ ቃል፤ መሃሉ የት ነው?

ጀማሪ_ተናጋሪ

ሰላም ለሁላችሁ። ለሥራ ባልደረቦቼ ስለ እሳት ማጥፊያ አጠቃቀም የ10 ደቂቃ ገለጻ ላደርግ ነው። ነገሩን አውቀዋለሁ፤ የቸገረኝ ወረቀቱ ነው። ሙሉውን ስጽፈው ዓይኔ ከወረቀቱ አይነሳም፣ ድምፄም ዜና የሚያነብ ሰው ይመስላል። ርዕስ ርዕሱን ብቻ ስጽፍ ደግሞ ቃሉን አየዋለሁ፣ ምን ልል እንደነበር ግን አይመጣልኝም። አንዱን ክፍል በሁለቱም መንገድ ጽፌዋለሁ፤ እዩልኝ።

ረጅሙ፦

> እሳት ማጥፊያውን ከመጠቀማችን በፊት የመውጫው በር ከኋላችን መሆኑን ማረጋገጥ ይኖርብናል፤ ምክንያቱም እሳቱ ከአቅማችን በላይ ቢሆን በእሳቱ በኩል ሳናልፍ መውጣት መቻል አለብን። በመቀጠልም ከእሳቱ 2 ሜትር ያህል ርቀን በመቆም፣ ፒኑን ነቅለን፣ አፈሙዙን ወደ ነበልባሉ ሳይሆን ወደ እሳቱ ሥር በማነጣጠር፣ እጀታውን በመጨመቅ ግራና ቀኝ እየጠረግን እንረጫለን። ትንንሽ ማጥፊያዎች ከግማሽ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ባዶ ስለሚሆኑ፣ በዚያ ጊዜ ውስጥ ያልጠፋ እሳትን ትቶ መውጣት ያስፈልጋል።

አጭሩ፦

> መውጫ
> ርቀት
> አጠቃቀም
> የሚቆይበት ጊዜ

በሁለቱ መካከል ያለው ምን ይመስላል?

ፈጣን_ጣት

ስላይድ ላይ ብዙ ጽሑፍ አታድርግ። ከስድስት መስመር ካለፈ ሰው ያነባል እንጂ አይሰማህም። ፎቶ ብቻ አድርግ፣ ጽሑፉን አውጣው።

ጀማሪ_ተናጋሪ

አመሰግናለሁ ወንድሜ፣ ግን ስላይድ የለኝም። የጠየቅሁት እጄ ላይ ስለምይዘው ወረቀት ነው።

ፈጣን_ጣት

አሃ፣ ቸኩዬ ነው። ይቅርታ።

ጠመኔ

ሁለቱም ወረቀቶችህ የተጻፉት ለሚያነብ ሰው ነው፤ ለሚናገር ሰው አይደለም። ረጅሙ ደብዳቤ ነው፣ አጭሩ ደግሞ የመጽሐፍ ማውጫ።

ከአጭሩ ልጀምር። «ርቀት» የሚለው ቃል ስለ ርቀት ልትናገር መሆኑን ይነግርሃል፤ ስለ ርቀት ምን እንደምትል ግን አይነግርህም። ቃሉ ለመኪና አነዳድም፣ ለችግኝ ተከላም፣ ለፎቶ አነሳስም ይሆናል። አንድ ፍንጭ ወደ ሌላ ርዕስ ተወስዶም የሚያገለግል ከሆነ የአንተ ፍንጭ አይደለም። «ሥሩን!» ብለህ ብትጽፍ ግን ከእሳት ውጭ የትም አይገባም፤ ስታየውም «ነበልባሉን ሳይሆን ሥሩን» የሚለው ራሱ ወደ አፍህ ይመጣል። «መግቢያ»፣ «ጥቅሙ»፣ «ምሳሌ»፣ «አጠቃቀም» የሚሉ ቃላት ማስታወሻህ ውስጥ ካሉ በሙሉ ሰርዛቸው። «ምሳሌ» ብለህ ከምትጽፍ ምሳሌውን ራሱን በአንድ ቃል ጥራው፤ «መጥበሻው» በል።

ወደ ረጅሙ ስንመጣ፣ የእኛ ቋንቋ የተለየ ወጥመድ አለው። አማርኛ ግሡን መጨረሻ ላይ ነው የሚያስቀምጠው። በጽሑፍህ ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ላይ ዓይንህን ጣል ብታደርግ «በመቀጠልም ከእሳቱ 2 ሜትር ያህል» የሚለውን ታነሳለህ፤ ምን እንደሚደረግ ለማወቅ «እንረጫለን» እስኪደርስ ድረስ ወርደህ መቅረት አለብህ። ዓይንህ ከወረቀቱ አልነሳ የሚልህ በአንተ ስንፍና አይደለም፤ ዓረፍተ ነገሩ ሳያልቅ አይለቅህም። ስለዚህ ከረጅሙ ዓረፍተ ነገር መጀመሪያውን ቆርጠህ «በመቀጠልም ከእሳቱ…» ብለህ ማስቀመጥ ምንም አይጠቅምህም። የሚያዘው ግሡ ነው። ንቀል፣ አነጣጥር፣ ጭመቅ፣ ጥረግ። አራት ቃል ናቸው፣ ግን አጠቃቀሙ በሙሉ ከነቅደም ተከተሉ እነሱ ውስጥ አለ።

ሸምዳጅ

ጋሽ ጠመኔ፣ ግን ይህ ሁሉ ምን ያደርጋል? ቸርችልን ያህል ተናጋሪ ሙሉውን ጽፎ ነበር የሚገባው። ሙሉውን ጽፎ በደንብ መሸምደድ ነው መፍትሔው። ወረቀት የሚያስፈልገው ያልተዘጋጀ ሰው ነው።

ጠመኔ

እኩሌታው ልክ ነው፣ ታሪኩ ግን የሚያሳየው የተገላቢጦሹን ነው። ቸርችል በ1904 በእንግሊዝ ምክር ቤት ንግግሩን በቃሉ ሸምድዶ ገብቶ መሃል ላይ ጠፋበትና ሳይጨርስ ተቀመጠ። ሙሉ ማስታወሻ መያዝ ያዘወተረው ከዚያ በኋላ ነው። ያም ቢሆን የሚይዘው እንደ ደብዳቤ የተሞላ ገጽ አልነበረም፤ እንደ ዳዊት መዝሙር በአጫጭር ስንኝ ተሰብሮ የተተየበ ነው፣ ዓይን አንዱን መስመር በአንድ ጊዜ አንስቶ ቀና እንዲል። ለዚያም ብዙ ይለማመድ ነበር።

የሸመደደ ሰው አንድ ቃል ሲያመልጠው ቀጣዩም አብሮ ያመልጠዋል፣ ምክንያቱም እያንዳንዱ ቃል የተንጠለጠለው ከፊቱ ባለው ቃል ላይ ነው። በፍንጭ የሚናገር ሰው ቃል ቢጠፋው ሌላ ቃል ያመጣል፤ የያዘው ሐሳቡን ነዋ።

ዝምተኛዋ

የጋሽ ጠመኔን ሐሳብ ይዤ የጀማሪን ክፍል ላሳጥረው። በአንድ ነገር ግን እጨምራለሁ። ሰው የሚጠፋበት ክፍሉ ውስጥ አይደለም፤ ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው ሲሻገር ነው። ስለ በሩ መናገር ከጀመርክ ስለ በሩ የምትለው አያልቅብህም። በሩን ጨርሰህ «እሺ፣ ቀጥሎስ?» የምትልበት ቦታ ላይ ነው ጸጥታው የሚመጣው። ስለዚህ በወረቀቱ ላይ ትልቁን ቦታ የምሰጠው ለመሻገሪያው ነው። መሻገሪያ ደግሞ በጥያቄ መልክ ሲጻፍ ይበልጥ ይሠራል፤ ጥያቄ ሲታይ መልስ ይመጣል፣ መልሱም በራስ አነጋገር ነው የሚመጣው። አድማጭ ፊት ጮክ ተብሎ ሊጠየቅም ይችላል።

> በሩ ከጀርባ!
> ባይጠፋስ?
>
> *የት ልቁም?*
> 2 ሜትር
>
> *እጄስ ምን ይሥራ?* [አንሥተህ አሳይ]
> ንቀል / ሥሩን / ጭመቅ / ጥረግ
>
> *እስከ መቼ?*
> ግማሽ ደቂቃ የለም → ውጣ

ከ50 በላይ ቃል የነበረው ወደ 20 ገደማ ወረደ። ግን ቁጥሩ ሳይሆን የተመረጠው ነው ቁም ነገሩ። «ባይጠፋስ?» የሚለው ምክንያቱን ይዟል፤ «ምክንያቱም እሳቱ ከአቅማችን በላይ ቢሆን» የሚለው ሐረግ ሁሉ እሱ ውስጥ ነው ያለው። «2 ሜትር» ተጽፏል፣ ቁጥር በትዝታ አይታመንምና። ቅንፍ ውስጥ ያለው የሚነገር ሳይሆን የሚደረግ ነው፤ በሌላ ቀለም ጻፈው። አለዚያ ተጨንቀህ ሳለ «አንሥተህ አሳይ» ብለህ ጮክ ብለህ ታነበዋለህ።

ጀማሪ_ተናጋሪ

በጣም ግልጽ ነው እህቴ። አሁን ወደ ሌሎቹ ክፍሎች ልሂድ። ግን አንድ ጥያቄ አለኝ፤ ከረጅሙ ጽሑፍ ጀምሬ ነው እየቀነስኩ የምሄደው ወይስ ከመጀመሪያው በፍንጭ ልጀምር?

ዝምተኛዋ

ከቻልክ ከአፍህ ጀምር። ወረቀት ሳትይዝ ስለ አንዱ ክፍል ሁለት ደቂቃ ተናገር፣ በስልክህም ቅዳው። ከዚያ እያዳመጥክ ሐሳቡ የዞረበትን ቃል ብቻ ጻፍ። በጽሑፍ ከጀመርክ የወረቀት ቋንቋ ይገባብሃል፤ «ማረጋገጥ ይኖርብናል»፣ «በመቀጠልም»፣ «ከላይ እንደተገለጸው» ትላለህ። ባልደረባህን ቡና ላይ «ከላይ እንደተገለጸው» አትለውም። ፍንጩ በአፍ ቋንቋ ካልሆነ ከእሱ የሚወጣው ንግግርም ደብዳቤ ይሆናል።

ጠመኔ

እኔ እዚህ ላይ ትንሽ እለያለሁ። ጉዳዩ አዲስ ለሆነበት ሰው አንድ ጊዜ ሙሉውን መጻፍ ያልገባውን ያሳየዋል። ጽፎ ሲያበቃ ግን ያንን ወረቀት መሳቢያ ውስጥ ከትቶ፣ ሳያየው ፍንጮቹን በሌላ ወረቀት ላይ ያውጣ። ጽሑፉ ላይ በቀለም እያሰመረ ካወጣ ግን አይጠቅመውም። ያሰመረበት ቃል አብሮት ካለው ጽሑፍ ሲነጠል ዝም ይላል፤ በዚያ ላይ ወረቀቱን ይዞት ይገባና በጭንቅ ሰዓት ማንበብ ይጀምራል።

የመድረክ_ሰዓት

የእኔ ጉዳይ ለየት ይላል። የምሠራው በኮምፒውተር ነው፤ ማስታወሻዬን በፓወር ፖይንት ከስላይዱ ሥር ጽፌ በPresenter View ነው የማየው። ጽሑፉ ከሳጥኑ ስለሚያልፍ እየተናገርኩ ወደ ታች መጎተት አለብኝ፣ እዚያው ላይ ነው የምሰናከለው። ፊደሉን ላሳንሰው ወይስ ምን ላድርግ?

ዝምተኛዋ

ፊደሉን አታሳንስ፤ ከማስታወሻው ሥር ባሉት የፊደል መጠን ምልክቶች ይበልጥ አተልቀው። ከተለቀ በኋላ ያለ መጎተት የሚታየው ብቻ ይቅር። ሳጥኑ ሞልቶ ከፈሰሰ ወይ ማስታወሻው ድርሰት ሆኗል ወይ ስላይዱ ሁለት ሐሳብ ይዟል፤ ሁለተኛው ከሆነ ስላይዱን ለሁለት ክፈለው። በማስታወሻው የመጨረሻ መስመር ላይ ደግሞ የሚቀጥለውን ስላይድ መሻገሪያ ጥያቄ ጻፍ እንጂ ያለኸበትን አትጻፍ። ስላይዱን ከቀየርክ በኋላ መሻገሪያ መፈለግ ከረፈደ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ፤ ከፕሮጀክተር ጋር ስታገናኘው ማስታወሻህ ለሕዝብ፣ ስላይዱ ለአንተ ሊታይ ይችላል። ከ`Display Settings` ሥር `Swap Presenter View and Slide Show` የሚለውን ስትጫን ይለዋወጣሉ። ሰው ሳይገባ ፈትሸው።

ቀይ_እስክሪብቶ

ስለ ወረቀቱ አቀማመጥ ማንም አላነሳም። የእኛ ፊደል እንደ ላቲኑ ትልቅና ትንሽ የለውም፤ ሁሉም ቁመታቸው ተቀራራቢ ነው፣ ስለዚህ የተጠጋጋ የአማርኛ ጽሑፍ ላይ ዓይን ቶሎ የሚያርፍበት ቦታ አያገኝም። ማድመቂያው መጠን፣ ቀለምና ባዶ ቦታ ነው። ስትተይብ 20 ወይም 24 ነጥብ አድርገው፣ በክፍሎቹ መካከልም ሁለት ባዶ መስመር ተው። በኤ4 ወረቀት የምትጠቀም ከሆነ የታችኛውን ሲሶ ባዶ ተወው፤ ወደ ግርጌው ስትወርድ አገጭህ ደረትህ ላይ ይቀመጣል፣ ድምፅህም ከማይኩ ይሸሻል። ካርድ ከሆነ በአንድ በኩል ብቻ ጻፍ፣ ቁጥር ስጠው፣ ጥጉን በስተህ በክር እሰረው። ካርድ ወድቆ ሲበተን ቁጥር የሌለው አይለቀምም።

በስምም ተጠንቀቁ። ፊደላችን የሚጠብቀውን ከሚላላው አይለይም፤ ቆማችሁ የማታውቁትን ሰው ስም ስታነቡ ግማሽ ዕድል ነው። በሚጠብቀው ፊደል አናት ላይ ነጥብ አድርጉበት።

ሸምዳጅ

እሺ፣ መሸምደዱን ልተወው። ግን ቢያንስ የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ሙሉ መጻፍ አለበት አይደል? ሰው በጣም የሚፈራው መጀመሪያ ላይ ነው።

ጠመኔ

ሙሉ የሚጻፉ ነገሮች አሉ። ቁጥር፣ ስም፣ የሌላ ሰው ቃል እንዳለ የሚጠቀስ ከሆነ፣ እንዲሁም ቃሉ ቢለወጥ ትርጉሙ የሚበላሽ ማስጠንቀቂያ። ጀማሪ ገለጻው ውስጥ «በኤሌክትሪክ ወይም በሚነድ ዘይት ላይ ውኃ አትርጩ» የሚል ካለው ያችን ሙሉ ይጻፋት፤ እዚያ ላይ መንተባተብ ሰው ይጎዳል። የመጀመሪያዋንና የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገርም እኔ ሙሉ እጽፋለሁ።

ዝምተኛዋ

በመጨረሻዋ እስማማለሁ፤ መጨረሻ ያልተጻፈለት ሰው «እንግዲህ… ይኸው ነው…» እያለ ሦስት ጊዜ ይጨርሳል። በመጀመሪያዋ ግን አልስማማም። የመጀመሪያዋን ዓረፍተ ነገር ካርዱ አናት ላይ ሙሉ ከጻፍካት ታነባታለህ፤ አድማጩ መጀመሪያ የሚያየው አናትህን ይሆናል። እሷን በቃል ያዛት፣ ካርዱ ላይ ከሁለተኛው ሐሳብ ጀምር።

ጠመኔ

ብትጠፋብሽስ?

ዝምተኛዋ

የመጀመሪያው ካርድ ጀርባ ላይ ትጻፍ። ካርዱን መገልበጥ ስለሚያስቸግር ካልጠፋችብኝ አልገለብጠውም። ቀይ_እስክሪብቶ በአንድ በኩል ብቻ ጻፉ ቢልም።

ቀይ_እስክሪብቶ

ለእሷ ብቻ ይፈቀዳል።

ጠመኔ

እንግዲህ እኔ አናቱ ላይ እተዋታለሁ፤ ሁለታችንም በየራሳችን እንቆይ።

ጀማሪ_ተናጋሪ

ስድስቱን ክፍሎች በዝምተኛዋ መንገድ ሠርቼ አንድ ጊዜ ሞክሬዋለሁ። አራቱ ይሄዳሉ። «የማጥፊያ ዓይነቶች» የሚለው ላይና «ጌጁ» የሚለው ላይ ቆምኩ። ቃል ልጨምርባቸው?

ጠመኔ

አትጨምር፣ ቀይር። ማስታወሻ ተመልሶ ድርሰት የሚሆነው በዚህ መንገድ ነው፤ በተሰናከልን ቁጥር አንድ ቃል እየጨመርን። የተሰናከልክበትን ቃል ሰርዝና በቦታው ሌላ አንድ ቃል አስቀምጥ። «ጌጁ» ስም ብቻ ነው፣ የሚደረግ ነገር አልያዘም። በጌጁ ላይ ምንድነው የምትለው?

ጀማሪ_ተናጋሪ

መርፌው አረንጓዴው ላይ ካልሆነ ማጥፊያው አያስተማምንም፤ ለሚመለከተው አሳውቁ ነው የምለው።

ጠመኔ

«መርፌው አረንጓዴ ላይ?» ብለህ ጻፍ። ወይም ክብ ሣልና መርፌዋን በአረንጓዴ እስክሪብቶ ሥራት፤ ሥዕል ስለማይነበብ አያስርህም። «የማጥፊያ ዓይነቶች» ደግሞ ያው የማውጫ በሽታ ነው። ስለ ዓይነት ልትናገር የፈለግኸው ሰው የተሳሳተውን እንዳያነሳ ከሆነ፣ ፍንጩ «የቱን ላንሳ?» ነው፤ ሥሩ ሁለት ቃል፣ «ዘይት» እና «ሽቦ»።

ቀጥሎ ወረቀቱን ሁለት ቀን አትየው። አሁን የተናገርከው ከፍንጩ ይሁን ከትኩስ ትዝታ መለየት አይቻልም፤ ዛሬ የጻፍከው ነገር ሁሉ ዛሬ ትዝ ይልሃል። ከሁለት ቀን በኋላ ቆመህ፣ ጮክ ብለህ ተናገር፣ ቅዳውም። ፍንጩን ካየህ በኋላ አፍህ ለመክፈት ሦስት ሴኮንድ ያህል ከፈጀብህ ያ ፍንጭ ሞቷል። በሌላ በኩል ሁለት ቅጂዎችን አወዳድር። ሐሳቡ አንድ ሆኖ ቃላቱ ከተለያዩ መልካም ነው። ቃል በቃል አንድ ከሆኑ ሳታውቀው ሸምድደኸዋል፤ ያ ክፍል መሃሉ ላይ ቢቋረጥ የሚበጠሰው እሱ ነው።

የመድረክ_ሰዓት

ሰዓትስ? 10 ደቂቃ ተብሎ 16 የሚሆንበት ሰው ብዙ ነው።

ዝምተኛዋ

ሰዓት ክፍሉ ውስጥ አይጻፍም፤ መሻገሪያው ላይ ነው የሚጻፈው። ከተቀዳው ላይ እያየህ በየመሻገሪያው ጥግ እዚያ የደረስክበትን ደቂቃ ጻፍ፣ ከመጀመሪያው ጀምሮ የተቆጠረውን። ለምሳሌ «የት ልቁም?» አጠገብ 4። እዚያ ስትደርስ ሰዓቱ 6 ካለ መፍጠን ሳይሆን መጣል ነው የሚያስፈልገው፤ ስለዚህ ሊጣል የሚችለውን አንድ ክፍል አስቀድመህ በሳጥን ክበበው። የሚጣለውን ቆሞ የሚመርጥ ሰው ዋናውን ይጥላል። በጀማሪ ገለጻ እኔ የምከበው የጌጁን ክፍል ነው።

ጀማሪ_ተናጋሪ

ገባኝ። ማምሻውን በንጹህ ወረቀት ገልብጬው ከነገ ወዲያ እሞክረዋለሁ።

ዝምተኛዋ

አትገልብጠው! የሰረዝከውና የተቀየረው በዝቶ የማይነበብ ካልሆነ በቀር በተለማመድክበት ወረቀት ላይ ቆይ። ዓይንህ «ጥረግ» የሚለው ግራ በኩል ከመሃል ዝቅ ብሎ እንዳለ ተምሯል። በንጹህ ስትገለብጠው ቃሉ ቦታ ይቀይራል፣ ቆመህ ደግሞ መፈለግ ትጀምራለህ። መገልበጥ ካለብህ ዛሬውኑ ገልብጥና ልምምዱን በሙሉ በአዲሱ አድርግ። ስትናገርም አውራ ጣትህን ያለህበት መስመር ዳር ላይ አድርግ፣ ክፍል በጨረስክ ቁጥር ዝቅ አድርገው። ቀና ብለህ ስትመለስ ዓይንህ ጣትህን ነው የሚፈልገው።

ፈጣን_ጣት

ዘግይቼም ቢሆን ልጠይቅ። ይህ ሁሉ ወረቀት ነው። ስልክ ላይ ቢሆንስ?

ቀይ_እስክሪብቶ

ስልክ ስክሪኑ ይጠፋል፣ መልእክት ይገባበታል፣ ጣት ሲነካው ገጹ ይሸሻል። ከተገደድክ ስክሪኑ እንዳይጠፋ አድርገህ፣ ኔትወርኩን ዘግተህ፣ ማስታወሻውን ፎቶ አንስተህ ፎቶውን ክፈት፤ ፎቶ ቢያንስ ጽሑፉን አያስተካክልብህም።

ፈጣን_ጣት

እኔ ግን አንድ ክፍል በአንድ ፎቶ አድርጌ ወደ ጎን እያሻገርኩ ብጠቀም ከካርድ በምን ያንሳል?

ቀይ_እስክሪብቶ

አውራ ጣትህን የምታሳርፍበት ቦታ የለውም፤ ካሳረፍክ ይሻገርብሃል። ሌላው ላይ ግን የምመልስልህ የለኝም፣ የሞከረ ካለ ይናገር።